የሞባይል ጌም ዝግ ቤታ፦ ፕሌይ ስቶር፣ ቴስትፍላይት ወይስ በቀጥታ የተላከ ፋይል?

ገና ያልወጣ የሞባይል ጌም እንድትሞክሩ የሚጋብዝ ሊንክ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ስልኬ ይችለዋል?" የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከእሱ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር አለ፦ ስህተት ባገኝ፣ ያየሁት ነገር ለሠሪዎቹ የሚደርሰው በየት በኩል ነው? ዝግ ቤታ የሚከፈተው ስህተት ለመልቀም ነው። ቪዲዮ መላክ የማይቻልበትን መንገድ ይዛችሁ ከገባችሁ፣ ፔዳ ግቢ ዋይፋይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ያመሻችሁበት ሥራ "ጌሙ ይቆማል" በምትል አንድ መስመር ያልቃል። በዚያች መስመር ደግሞ ማንም ምንም አያስተካክልም።

ከባሕር ዳር ሆኖ ለሚገባ ሰው መንገዶቹ ሦስት ናቸው፦ የፕሌይ ስቶር ዝግ ሙከራ፣ የአይፎኑ ቴስትፍላይት፣ እና ሠሪዎቹ ራሳቸው በዲስኮርድ ወይም በቴሌግራም የሚልኩት ፋይል። አንዳንድ ስቱዲዮዎች በድረ ገጻቸው ፎርም ያስሞላሉ። እሱ ራሱን የቻለ መንገድ አይደለም፤ መጨረሻው ከሦስቱ ወደ አንዱ ይወስዳችኋል። ፎርሙ የስልክ ሞዴል ሲጠይቅ ግን አትዋሹ። 3 ጂቢ ራም ያለው ስልክ መያዝ እዚህ ላይ አያሳፍርም። ሠሪዎቹ ጋ ውድ ስልክ አይጠፋም። የሚቸግራቸው እንደኛ ዓይነቱን ስልክ በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ማግኘት ነው።

ፕሌይ ስቶር

አንድሮይድ ለያዘ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሠሪዎቹ የጂሜይል አድራሻችሁን ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገባሉ፣ ወይም አንድ የጉግል ግሩፕ ውስጥ እንድትገቡ ያደርጋሉ። ከዚያ እንዲህ ዓይነት ሊንክ ይልካሉ፦

```
https://play.google.com/apps/testing/com.example.game
```

መጨረሻ ላይ ያለው የጌሙ የውስጥ ስም ነው። ሊንኩን ስትከፍቱ "Become a tester" የሚል ቁልፍ ይመጣል። እሱን ከነካችሁ በኋላ ጌሙ እንደማንኛውም አፕ ከፕሌይ ስቶር ይወርዳል። ወዲያው ካልታየ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ስልኩ ላይ ሁለት ጂሜይል አለ። አንዱ ራሳችሁ የከፈታችሁት ነው። ሌላው ስልኩን ስትገዙ ሱቁ "ፕሌይ ስቶር እንዲሠራልህ" ብሎ የከፈተላችሁ ነው። ለሠሪዎቹ የሰጣችሁት የመጀመሪያውን ሆኖ፣ ፕሌይ ስቶር ላይ የገባው ሁለተኛው ከሆነ ጌሙ የለም ይላችኋል። ፕሌይ ስቶር ላይ በስተቀኝ ከላይ ያለችውን ክብ ምስል ነክታችሁ የትኛው አካውንት እንደሆነ እዩ። ቁልፉ ከመምጣቱ በፊት ገጹ አልተገኘም ካላችሁ፣ ያ አካውንት ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ቁልፉን ነክታችሁ ቴስተር ከሆናችሁ በኋላ "በአገርዎ አይገኝም" የሚል ከመጣ ግን ችግሩ ከናንተ አይደለም። ሠሪዎቹ ለሙከራው አገር ሲመርጡ ኢትዮጵያን አላካተቱም። ጻፉላቸው፤ በቀላሉ የሚጨምሩት ነገር ነው። ቪፒኤን ከፍቶ መሞከር አያዋጣም። ፕሌይ ስቶር የሚያየው የአካውንቱን አገር ነው፣ እሱም የሚቀየረው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ቪፒኤን ላይ ሆናችሁ የምትጽፉት የኔትወርክ ሪፖርት ሠሪዎቹን ያሳስታል።

የፕሌይ ስቶር ትልቁ ጥቅም የዳታ ነው። ቤታ ጌም ቶሎ ቶሎ አፕዴት ይወጣለታል። ፕሌይ ስቶር በአብዛኛው የሚያወርደው የተቀየረውን ክፍል ብቻ ስለሆነ ጥቅላችሁን አይበላም። ሌላም ነገር አለ። ጌሙ ሲበላሽና በራሱ ሲዘጋ፣ ስልካችሁ ላይ የአጠቃቀምና የምርመራ መረጃ ማጋራት ከተፈቀደ፣ የብልሽቱ መዝገብ በራሱ ለሠሪዎቹ ይደርሳል። እናንተ የምትጨምሩት መዝገቡ የማያውቀውን ነው፤ ጌሙ ከመዘጋቱ በፊት ምን ስታደርጉ እንደነበር።

ድክመቱ አስተያየት መስጫው ነው። ከጌሙ ገጽ ላይ ለሠሪው ብቻ የሚደርስ አስተያየት መጻፍ ይቻላል፣ ለሕዝብም አይታይም። ሳጥኑ የተሠራው ግን ለአጭር ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ከመቀላቀላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ቪዲዮ የምልክበት ኢሜይል፣ ፎርም ወይም ዲስኮርድ አላችሁ?" አለን ካሉ ግቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በፈረንጆች ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 በኋላ በግለሰብ ስም የፕሌይ ስቶር ሠሪ አካውንት የከፈተ ሰው፣ ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ቴስተር ለ14 ተከታታይ ቀናት ሙከራው ውስጥ ማቆየት አለበት። ድሮ 20 ነበር። በዚህ ምክንያት ኢንተርኔቱ ላይ "ቴስተር እንለዋወጥ" የሚል ግብዣ ሞልቷል። እነዚህ የሚፈልጉት ቁጥር ነው። "ጫን፣ 14 ቀን አታጥፋው" ብቻ የሚል ግብዣ ካያችሁ ሪፖርታችሁን የሚያነብ ሰው አይኖርም ብላችሁ ገምቱ። መርዳት ከፈለጋችሁ እርዱ፣ ግን ሰዓታችሁን አታፍሱበት።

ደግሞ ጌሙ ውስጥ ዕቃ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ቤታ ስለሆነ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ሠሪዎቹ ለግዢ ሙከራ ለብቻው ካልመዘገቧችሁ በቀር እውነተኛ ብር ሊቆረጥ ይችላል።

ቴስትፍላይት

አይፎን ካላችሁ ምርጫ የለም፣ መንገዱ ይሄው ነው፤ ጥሩ መንገድም ነው። የቴስትፍላይት አፕን ታወርዳላችሁ፣ በኢሜይል ወይም በሊንክ ትገባላችሁ። አንድ ጌም ከስቱዲዮው ሠራተኞች ውጭ እስከ 10,000 ቴስተር መቀበል ይችላል። ሠሪዎቹ ከዚያ ያነሰ ጣሪያ ካስቀመጡና ከሞላ ሊንኩ ሙሉ ነው ይላችኋል። እያንዳንዱ ቨርዥን በ90 ቀን ጊዜው ያልፋል። አንድ ቀን ጠዋት ጌሙ አልከፈት ቢላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ፤ ስህተት ነው ብላችሁ አትጻፉ። ግዢም ነፃ ነው፣ ብር አይቆረጥም።

ከሦስቱ ሁሉ አብሮ የተሠራ ምርጥ የሪፖርት ዘዴ ያለው ይሄ ነው። ስክሪንሾት ስታነሱ እዚያው ጽፋችሁ ለሠሪው መላክ ትችላላችሁ። የስልኩ ሞዴልና የአይኦኤስ ቨርዥን አብሮ ይሄዳል። እናንተ የሚቀራችሁ ያደረጋችሁትን መጻፍ ብቻ ነው።

በቀጥታ የተላከ ፋይል

ይሄኛው ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ከሠሪዎቹ ጋር በቅርብ የሚያገናኝ እሱ ነው። ትንሽ ቡድን የኤፒኬ ፋይሉን ዲስኮርድ ላይ ይለጥፋል፣ ማታ ቪዲዮ ትልኩላቸዋላችሁ፣ ጠዋት የተስተካከለ ፋይል ይመጣል። ሪፖርት መጻፍ የሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ ደስታ አያገኝም። በሌላ በኩል ፋይሉን ማን እንደላከው የምታውቁት እናንተው ናችሁ። "ቤታው ወጥቷል" እየተባለ ቴሌግራም ላይ የሚዞር ፋይል ብዙ ነው። የእኔ መመሪያ አንድ ናት። ሊንኩ ከስቱዲዮው የራሱ ድረ ገጽ ወይም ከዚያ ድረ ገጽ ከሚወስደው ዲስኮርድ ካልመጣ አልጭነውም። ጌም ሆኖ ሳለ የሜሴጅ ማንበቢያ ፈቃድ ከጠየቀ ደግሞ ከማንም ይምጣ ወዲያው አጠፋዋለሁ። የባንክ ኮድ የሚመጣው በሜሴጅ ነው።

ሌላው ዋጋው ዳታ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቨርዥን እንደገና ሙሉውን ማውረድ ነው። 600 ሜጋ የሆነ ጌም በሳምንት ሁለቴ ቢታደስ ጥቅሉ አይበቃም። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ አልጫን ብሎ "App not installed" ካላችሁ አንዱ የተለመደ ምክንያት ሁለቱ ፋይሎች በተለያየ ፊርማ መዘጋጀታቸው ነው። ከሠሪዎቹ ስህተት ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ሌላ ሰው አሽጎ ልኮት ሊሆንም ይችላል። አሮጌውን አጥፍታችሁ ከመጫናችሁ በፊት ሠሪዎቹን ጠይቁ።

በመሐል ያለ አማራጭም አለ። አንዳንድ ስቱዲዮ ፋይሉን ፋየርቤዝ በተባለው የጉግል አገልግሎት በኩል ይልካል። ግብዣው በኢሜይል ይመጣል፣ የሚወርደውም በግልጽ ከሠሪው ነው። እያንዳንዱ ፋይል ለ150 ቀን ይቆያል። ዝም ብሎ ከተለጠፈ ፋይል በጣም ይሻላል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ጌሙን በፕሌይ ስቶር አወርዳለሁ፣ ሪፖርቱን በሠሪዎቹ ዲስኮርድ ወይም ፎርም እልካለሁ። ሁለቱ አብረው የሌሉበትን ግብዣ አልፈዋለሁ። ከጓደኛችሁ ጋር ዋይፋይ የምትጋሩና ዳታ የማያሳስባችሁ ከሆነ፣ በፋየርቤዝ የሚመጣ የትንሽ ቡድን ጌም የበለጠ ሊጥማችሁ ይችላል። የትኛውንም ብትይዙ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ከተስማማችሁ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። ከዝርዝሩ ብትሰረዙ የሚፈርድላችሁ የለም።

"ጌሙ ዘጋኝ" ስንል የትኛው ነው?

ሪፖርት ከመጻፋችሁ በፊት ያያችሁትን በትክክል ለዩ። አንድሮይድ ላይ ጌም ባለበት ሲጠፋ ወይም ሲደርቅ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ብልሽት ነው። እየተጫወታችሁ ጌሙ ድንገት ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜም አፑ ቆሟል የሚል መልእክት ይመጣል። ሁለተኛው መድረቅ ነው። ምስሉ አለ፣ ስትነኩት ግን አይሰማም። ንክኪያችሁ ለ5 ሰከንድ ያህል መልስ ሲያጣ አንድሮይድ "isn't responding" ብሎ መጠበቅ ወይም መዝጋት እንድትመርጡ ይጠይቃል። ያ መልእክት መምጣቱንና አለመምጣቱን ጻፉ። ለሠሪው ትልቅ ፍንጭ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በስህተት ብልሽት ተብሎ ይጻፋል። ስልክ ተደውሎ አነሳችሁ፣ ወይም ቴሌግራም ከፍታችሁ መልስ ሰጣችሁ። ስትመለሱ ጌሙ ከአርማው እንደገና ይጀምራል። ምንም መልእክት የለም። እዚህ ላይ ጌሙ አልተበላሸም። ራም ስላነሰ አንድሮይድ ከኋላ የነበረውን ጌም ዘግቶ ቦታ አስለቅቋል። 3 ጂቢ ራም ላይ የተለመደ ነው። ለማረጋገጥ ሌሎቹን አፖች ሁሉ ዝጉና ያንኑ ድገሙ። አሁን ጌሙ ካለበት ከቀጠለ ጉዳዩ የራም ነው። ያም ሆኖ ስትመለሱ ያሸነፋችሁት ጨዋታ ወይም የሰበሰባችሁት ሳንቲም ጠፍቶ ከሆነ ስህተት ነው፣ ይጻፍ። ርዕሱ ግን "ጌሙ ይዘጋል" ሳይሆን "ከኋላ ሆኖ ሲዘጋ ሳንቲም ይጠፋል" መሆን አለበት።

የኔትወርክ መንቀርፈፍም እንዲሁ ነው። ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ኔትወርኩ ሲሳሳ ጌሙ ቢንገጫገጭ የሠሪው ጥፋት አይደለም። ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላ ጌሙ ካልተመለሰ ግን የሠሪው ነው። ቀጥሎ የማሳያችሁ ይሄንኑ ነው።

አንድ ስህተት ከነሙሉ ታሪኩ

እንበል አንድ ልጅ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ በካፌው ዋይፋይ፣ ሁለት ሰው የሚፋለምበት ጌም ይጫወታል። ሒሳብ ከፍሎ ይነሳል። እየተጫወተ በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ጊዮርጊስ በኩል ይሄዳል። ትንሽ እንደራቀ ስልኩ ዋይፋዩን ለቆ ወደ ሞባይል ዳታ ይቀየራል። ጌሙ ላይ "Reconnecting..." የሚል ይመጣል፤ በዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ ለመጻፍ የሚቃጣው ይሄን ነው፦ "ኔትወርክ ሲቀየር ጌሙ ይደርቃል፣ እባካችሁ አስተካክሉት።" ሠሪው ይሄን አንብቦ ቢሮው ውስጥ ዋይፋዩን ያጠፋል፣ መልሶ ያበራል። ጌሙ በደንብ ይመለሳል። "አልደገመልንም" ብሎ ይዘጋዋል። ልጁም ሠሪውም አልዋሹም። የሞከሩት አንድ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ከመጻፉ በፊት ልጁ ተቀምጦ ይለያል። በእግር መሄድን ያስወግዳል፣ ምክንያቱም ሠሪው ባሕር ዳር መጥቶ በዘንባባ ሥር ሊሄድለት አይችልም። ጨዋታ ይጀምራል፣ ዳታው በርቶ ሳለ ከላይ ያለውን ማጥፊያ ስቦ ዋይፋይ ያጠፋል። ያው ተጣበቀ። ጥሩ፣ አሁን ማንም ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሊደግመው የሚችል መንገድ አለ።

ቀጥሎ ዳታውን አጥፍቶ ዋይፋዩን ብቻ ያጠፋል። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያበራል። ጌሙ ተመለሰ። እንግዲህ ችግሩ የመስመር መቋረጥ ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መዞር ነው። ከዚያ በተቃራኒው ይሞክራል፣ በዳታ ጀምሮ ዋይፋይ ያበራል። ጌሙ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ይሄ ሊያስገርም ይችላል፣ ግን ምክንያት አለው። ዋይፋይ ሲመጣ አንድሮይድ የዳታውን መስመር ወዲያው አይዘጋውም፣ ለጥቂት ጊዜ ክፍት ይተወዋል። የድሮው ግንኙነት በእሱ ላይ ይቆያል። "በዚህ አቅጣጫ አይከሰትም" ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ዋናው ሙከራ የመጨረሻው ነው። ጌሙ ተጣብቆ እያለ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እንደገና ይከፍተዋል። ጌሙ ወደዚያው ጨዋታ መልሶ አስገባው፣ ተጋጣሚውም እዚያው አለ። ይሄ ብዙ ይናገራል። ሰርቨሩ ልጁን አላባረረውም፣ ቦታውን ይዞለት ነበር። ያልተመለሰው ስልኩ ላይ ያለው ጌም ነው። ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲዞር የስልኩ የኢንተርኔት አድራሻ ይቀየራል፣ የድሮው ግንኙነትም ይሞታል። ጌሙ አዲስ መክፈት ሲገባው የሞተውን እየጠበቀ ይመስላል። "ይመስላል" የምትለው ቃል ሪፖርቱም ውስጥ ትግባ። ያያችሁትና የገመታችሁት ሳይደባለቅ ይጻፍ።

ሪፖርቱ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ለውጭ ስቱዲዮ በቀላል እንግሊዝኛ ነው የሚላከው፤ እዚህ በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ።

> ርዕስ፦ ጨዋታ መሐል ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲቀየር "Reconnecting..." ላይ ይጣበቃል
>
> የጌሙ ቨርዥን፦ 0.8.3፣ ቢልድ 412
>
> ስልክ፦ ሳምሰንግ ጋላክሲ A14፣ ሞዴል SM-A145F፣ 4 ጂቢ ራም፣ አንድሮይድ 14
>
> ደረጃዎች፦ 1. ዋይፋይና ሞባይል ዳታ ሁለቱም ይብሩ። 2. በዋይፋይ የሁለት ሰው ጨዋታ ጀምሩ። 3. ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ዋይፋዩን አጥፉ። 4. ጠብቁ።
>
> የጠበቅሁት፦ በጥቂት ሰከንድ በዳታ ተገናኝቶ ጨዋታው እንዲቀጥል።
>
> የሆነው፦ ለ3 ደቂቃ ስጠብቅ "Reconnecting..." አልጠፋም። መውጫ ቁልፍም የለም።
>
> ድግግሞሽ፦ ከ5 ሙከራ 5 ጊዜ።
>
> ተጨማሪ፦ ዳታ ጠፍቶ ዋይፋይ ብቻ ጠፍቶ ሲበራ ይመለሳል። ከዳታ ወደ ዋይፋይ ሲዞር አይከሰትም። ተጣብቆ ሳለ ጌሙን ዘግቼ ስከፍት ወደዚያው ጨዋታ ይመልሰኛል።
>
> ጊዜ፦ 2026-01-20፣ 20:15፣ UTC+3። የተጫዋች ቁጥሬ ስክሪኑ ላይ ይታያል።
>
> አባሪ፦ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ

የሞዴሉ ቁጥር ለምን እንዲህ ተዘረዘረ? A14 ብቻ ብትሉ ሁለት የተለያዩ ስልኮች ናቸው። SM-A145 ብሎ የሚጀምረው 4ጂው ነው፣ SM-A146 የሚለው 5ጂው። ውስጣቸው ያለው ቺፕ ይለያያል። ትክክለኛው ቁጥር ሴቲንግ ውስጥ፣ ስለ ስልኩ በሚለው ቦታ ይገኛል። የጌሙ ቨርዥን ጌሙ ውስጥ ካልተጻፈ የስልኩ ሴቲንግ ላይ፣ አፖች ውስጥ ጌሙን ስትከፍቱ ከታች ታገኙታላችሁ።

"ጌሙ ለዘላለም ይጣበቃል" አትበሉ። ስንት ደቂቃ እንደጠበቃችሁ ተናገሩ። አንዳንድ ጌም ከአንድ ደቂቃ በኋላ በራሱ ይመለሳል፤ ያ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው።

ሰዓቱ የእኛን ሰው በጣም የሚያሳስት ቦታ ነው። ልጁ ይሄን ያየው ጥር 12 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ነው። እንዳለ ጽፎት ቢሆን ሠሪው የሰርቨሩን መዝገብ በፈረንጆች አቆጣጠር 2፡15 ላይ ይፈልግ ነበር፣ ምንም አያገኝም። የሰርቨር መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ የእኛ ደግሞ ከእሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጆች፣ ሰዓቱን በ24፣ አጠገቡ UTC+3 ብላችሁ ጻፉ። ሠሪው 17:15 ላይ ሄዶ በተጫዋች ቁጥራችሁ ያገኛችኋል።

ቪዲዮውን ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ከስልኩ ጋር በሚመጣው ስክሪን መቅጃ ቅዱ። ንክኪ አሳይ የሚለውን ምርጫ አብሩት፤ ጣታችሁ የት እንደነካ እንደ ነጥብ ይታያል። ስህተቱ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጀምር፣ የቀረው ይቆረጥ። ሜሴጅ እንዳይገባ "አትረብሽ" ላይ አድርጉት። የባንክ ሒሳብ ከላይ ብቅ ያለበት ቪዲዮ የማታውቁት ሰው ጋ መላክ ደስ አይልም።

እኛ ብቻ የምናገኘው ስህተት

የተጫዋች ስማችሁን በራሳችን ፊደል ጻፉ። የምሬን ነው። ብዙ ጌም ከራሱ ጋር የሚመጣ የፊደል ዓይነት ይጠቀማል፣ ውስጡም ግዕዝ ላይኖር ይችላል። ያኔ "ጣና" ብላችሁ ጽፋችሁ ስክሪኑ ላይ ሁለት ባዶ ሳጥን ይመጣል። አንዳንዴ ስሙ ሎቢው ውስጥ በትክክል ይነበብና ጨዋታው መሐል ሳጥን ይሆናል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ቦታዎች የተለያየ የፊደል ዓይነት ይጠቀማሉ። ስለዚህ አንድ ቦታ አይታችሁ አታቁሙ። ሎቢ፣ ቻት፣ የውጤት ሰሌዳ፣ የጓደኛ ዝርዝር ሁሉንም ተመልከቱ።

ይሄን ስትጽፉ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ሠሪው ኪቦርዱ ላይ የእኛ ፊደል የለውም። "ጣና" የሚለውን ራሱን ሪፖርቱ ውስጥ ጻፉት፣ ኮፒ አድርጎ ይሞክረው። ፊደሎቹ በዩኒኮድ ከU+1200 እስከ U+137F ባለው ክልል ውስጥ እንዳሉ ከነገራችሁት ምን መጨመር እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። በሦስት ፊደል የሚያልቅ ስም "በጣም ረጅም ነው" ብሎ ከመለሰባችሁም ጻፉት። አንድ የእኛ ፊደል በተለመደው አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፣ ጌሙ በፊደል ፈንታ ባይት እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ከላካችሁ በኋላ

"አልደገመልንም" የሚል መልስ ቢመጣ አትናደዱ። በሁለተኛ ስልክ ሞክሩት፤ ፖሊ የሚማር ጓደኛችሁ ሌላ ሞዴል ይዞ ይሆናል። እዚያም ከተከሰተ ሁለቱንም ሞዴል ጻፉ። በእሱ ስልክ ካልተከሰተ ያም ራሱ መረጃ ነው።

ጉዳዩ ብልሽት ከሆነና ሠሪዎቹ መዝገብ ከጠየቁ፣ የስልኩን ቢልድ ቁጥር 7 ጊዜ በመንካት የዴቨሎፐር ምርጫዎችን ክፈቱ። ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብርታችሁ፣ adb የተባለው የአንድሮይድ መሣሪያ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር አገናኙትና ጌሙ እንደተዘጋ ኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ይሄን ጻፉ፦

```
adb logcat -b crash -d > crash.txt
```

የሚወጣው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ለመላክ ዳታ አይፈጅም። ኮምፒውተር ከሌላችሁ እዚያው ምርጫዎች ውስጥ ያለው የባግ ሪፖርት ሙሉ ፋይል ያዘጋጃል። እሱ ግን ትልቅ ነው፣ የሌሎች አፖችና የአካውንታችሁን መረጃም ሊይዝ ይችላል። ሁሉም ሰው በሚያየው የዲስኮርድ ክፍል አትለጥፉት። ለሠሪው በግል ብቻ ይላክ፣ እሱም በግልጽ ከጠየቀ።

አዲስ ቨርዥን ወጥቶ "ተስተካክሏል፣ እዩልን" ሲሏችሁ መጀመሪያ ቁጥሩ በእርግጥ መቀየሩን አረጋግጡ። ፕሌይ ስቶር አፕዴቱን ለማድረስ ሊዘገይ ስለሚችል አሮጌውን ሞክሮ "አሁንም አለ" ማለት ቀላል ነው። ከዚያ አራቱን ደረጃዎች እንዳሉ ድገሙ። ቀድሞ ደህና የነበሩትንም ሞክሩ፤ ዋይፋይ ጠፍቶ ሲበራ፣ ከዳታ ወደ ዋይፋይ ሲዞር። ግንኙነቱን የሚመልሰው ክፍል ሲነካ እነዚያም ሊበላሹ ይችላሉ። አንዱ ከተበላሸ በድሮው ሪፖርት ሥር አትጨምሩት። በአዲስ ርዕስ ለብቻው ጻፉት፣ የአዲሱን ቢልድ ቁጥር ይዞ።